ጎግል ፎቶስ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ፦ ፎቶው ያለው ስልኩ ላይ ነው ወይስ ክላውድ ላይ?

ስልክ ላይ ብቻ ያለ ፎቶ የሚቀመጠው አንድ ቦታ ነው፤ ስልኩ ውስጥ ባለው ማስቀመጫ ወይም በሚሞሪ ካርዱ ላይ። ስልኩ ውኃ ከገባበት፣ ከተሰረቀ ወይም ካርዱ ከተበላሸ ፎቶውም አብሮ ይሄዳል። ክላውድ «ደመና» ቢባልም አየር ላይ የሚንሳፈፍ ነገር የለም። ፋይሉ በኢንተርኔት ተልኮ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ ቅጂ ነው። የሚከፈተውም በአካውንት፣ ማለትም በኢሜይልና በይለፍ ቃል ነው፤ ስለዚህ ስልኩ ቢጠፋም ከሌላ ስልክ ይገኛል።

ለስምንት ወር የታየው ጎግል ፎቶስ ነው፤ አንድሮይድ ስልኮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተጭኖ ስለሚመጣ። በነፃ 15 ጊጋባይት ይሰጣል፤ ይህን ቦታ ግን ጂሜይልና ጎግል ድራይቭም ይጋሩታል። አንድ ፎቶ 3 ሜጋባይት ቢሆን አምስት ሺህ ያህል ይይዛል። ቦታውን የሚጨርሰው ቪዲዮ ነው፤ ጥራቱ ደህና የሆነ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከ100 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል። የሠርግ ቪዲዮ ወደዚህ ባይላክ ይሻላል።

ጀማሪን በብዛት የሚያሳስተው መተግበሪያው ስልኩ ላይ ስላለ ብቻ ፎቶው ተልኳል ብሎ ማመን ነው። ባክአፑ፣ ማለትም ፎቶውን ወደ ክላውድ የመላኩ ሥራ፣ በተለመደው አሠራሩ የሚሠራው በዋይፋይ ብቻ ነው። ደብረ ማርቆስ ወይም ሞጣ ሆኖ በሞባይል ዳታ ብቻ የሚጠቀም ሰው ወራት አልፈው አንድ ፎቶ እንኳ ላይሄድለት ይችላል፤ ስልኩም ይህን ጮክ ብሎ አይነግረውም። ለማወቅ መተግበሪያውን ከፍቶ በቀኝ በኩል ከላይ ያለውን የራስ ምስል መንካት ነው። Backup complete ካለ አልቋል፤ የቀሩ ፎቶዎች ቁጥር ካሳየ ገና ነው። ከዚህም የበለጠ የሚያስተማምን ፈተና አለ፤ በሌላ ሰው ስልክ ወይም ኮምፒውተር photos.google.com ከፍቶ በራስ አካውንት መግባት። እዚያ የታየው ፎቶ በእርግጥ ክላውድ ላይ አለ። ሲጨርሱ መውጣት አይረሳ።

600 ፎቶ ያለበትን ስልክ እንውሰድ። እያንዳንዱ 3 ሜጋባይት ቢሆን በድምሩ 1800 ሜጋባይት፣ 1.8 ጊጋባይት ገደማ ነው። የመላኪያ ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ከሆነ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ሜጋቢት የሜጋባይት አንድ ስምንተኛ ስለሆነ ነው። መብራት ወይም ኔትወርክ መሃል ላይ ቢቋረጥ የተላከው አይጠፋም፤ የቀረው በኋላ ይቀጥላል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክቶ ማሳደር ከሁሉ ይቀላል።

በቴሌግራም የመጣ ፎቶ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ባክአፑ መጀመሪያ የሚወስደው በካሜራው የተነሳውን ብቻ ነው። ልጅ ከአዲስ አበባ የላከው የትምህርት ማስረጃ እንዲካተት ከተፈለገ ባክአፕ ቅንብር ውስጥ Back up device folders የሚለው ተከፍቶ የቴሌግራም ፎልደር መመረጥ አለበት።

አሁን ወደ ትልቁ አደጋ። ክላውዱና ስልኩ የተያያዙ ናቸው። በመተግበሪያው ውስጥ አንድ ፎቶ ከተደለተ ከስልኩም ከክላውዱም ይሄዳል። «ክላውድ ላይ አለኝ» ብሎ ቦታ ለማስለቀቅ የሚደልት ሰው ሁለቱንም ያጣል። ባክአፕ የተደረገ ፎቶ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ 60 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ አይመለስም። ከስልኩ ብቻ ለማንሳት የተዘጋጀው Free up space የሚለው ነው፤ እሱ ተልኮ ያለቀውን ብቻ መርጦ ያነሳል።

እሱም ቢሆን በጎጃም በጥንቃቄ የሚነካ ነው። ከስልኩ የተወገደ ፎቶ በሙሉ ጥራቱ የሚከፈተው ኢንተርኔት ሲኖር ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ክላውድ ላይ ብቻ ያለ ሰነድ ለባለቤቱ ከሌለ አይለይም። ስለዚህ የመሬት ይዞታ ደብተሩ ፎቶ፣ የመታወቂያውና የትምህርት ማስረጃው ስልኩም ላይ ይቅር፤ አንድ ቅጂም ፍላሽ ላይ ይግባ። ቦታ የሚለቀቀው ከሌላው ፎቶ ነው።

አገልግሎቱ እንደ ሁለተኛ ቅጂ በጣም ይረዳል፤ እንደ ብቸኛ ማስቀመጫ ግን አንመክረውም። አንድ የሚቀር ሥራ አለ። ስልኩ ሲሰረቅ ሲም ካርዱም አብሮ ስለሚሄድ፣ አዲስ ስልክ ላይ ለመግባት የሚጠየቀው የማረጋገጫ ቁጥር የሚላከው ወደተሰረቀው ስልክ ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያበራ ሰው በጎግል አካውንቱ የደኅንነት ገጽ Backup codes የሚለውን ከፍቶ 10 ኮዶች ያገኛል። እያንዳንዱ ኮድ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። ወረቀት ላይ ተጽፈው ከይዞታ ደብተሩ ጋር ሳጥን ውስጥ ይቀመጡ እንጂ ስልኩ ላይ ፎቶ አይነሱ።