የጨረታ ማስታወቂያ ድግግሞሽ ለማጥራት የቱ ስፕሬድሺት ይሻላል? ጉግል ሺትስ፣ አዲሱ ኤክሴል፣ የቆየው ኤክሴል እና ሊብሬኦፊስ

ለአንድ የጽሕፈት መሣሪያ አቅራቢ የጨረታ ማስታወቂያ የመሰብሰብ ሥራ ላይ ነኝ። ምንጮቼ አዲስ ዘመን፣ ሪፖርተር እና ጥቂት የቴሌግራም ቻናሎች ናቸው። አንድ ጨረታ በሦስቱም ቦታ ይወጣል፤ ቻናሎቹ ደግሞ በማግስቱ መልሰው ይለጥፉታል። ስለዚህ ከስፕሬድሺቱ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ የተደገመውን ለይቶ እንዲያሳየኝ፣ ትናንት ያልነበረውን ደግሞ «አዲስ» እንዲለኝ። አራቱንም ፕሮግራሞች በዚሁ ሥራ አነጻጽሬያቸዋለሁ።

ልዩነታቸው የሚታየው ፊደላችን ላይ ነው። አንዱ ጋዜጣ «የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት» ብሎ ያወጣውን ቻናሉ «ጽህፈት ቤት»፣ ሌላው «ፅ/ቤት» ብሎ ይጽፈዋል። ለእኛ አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት። ኤክሴል ላይ ያለው Remove Duplicates የሚባለው ትእዛዝ ሦስቱንም ሳይነካ ያልፋቸዋል። በዚያ ላይ የሚያገኘውን ድግግሞሽ ጨርሶ ይሰርዘዋል እንጂ ምልክት አያደርግበትም፤ የትኛው ምንጭ ምን እንዳለ መልሶ ማየት አይቻልም።

መፍትሔው ዋናውን ጽሑፍ ሳይነኩ አጠገቡ ማነጻጸሪያ ቁልፍ፣ ማለትም የመሥሪያ ቤቱን ስም በአንድ ወጥ አጻጻፍ ከጨረታ ቁጥሩ ጋር የያዘ ጽሑፍ፣ መሥራት ነው። «ፊደል» የሚባል ሺት ከፍቼ በግራ ዓምድ የሚቀየረውን፣ በቀኝ የሚተካውን ጻፍኩ። የሐ ሰባት፣ የኀ ሰባት፣ የሠ ሰባት፣ የዐ ሰባት፣ የፀ ሰባት፣ ከዚያ ሃ ወደ ሀ እና ኣ ወደ አ፤ በድምሩ 37 ረድፍ። ሓ እና ኃ ወደ ሀ፣ ዓ ደግሞ ወደ አ ይሄዳሉ። ከሥር ሦስት ምህጻረ ቃላት ጨመርኩ፤ አንዱ «ጽህፈትቤት» ወደ «ጽ/ቤት» ነው። ምህጻረ ቃላቱ የግድ ከፊደላቱ በታች መሆን አለባቸው፤ ፊደሉ ሳይስተካከል ቀድመው ከተፈተሹ «ጽሕፈትቤት»ን አያገኙትም። በዋናው ሺት A ምንጭ፣ B መሥሪያ ቤት፣ C የጨረታ ቁጥር፣ D መዝጊያ ቀን ነው። E2 ላይ ቁልፉ ይሠራል፦

```
=REDUCE(SUBSTITUTE(B2," ",""),SEQUENCE(40),
 LAMBDA(t,i,SUBSTITUTE(t,INDEX('ፊደል'!A:A,i),
 INDEX('ፊደል'!B:B,i))))&"|"&C2
```

ሦስቱም አጻጻፎች «የወረዳውፋይናንስጽ/ቤት|5/2018» ሆነው ይወጣሉ። ጨረታው በሎት የተከፈለ ከሆነ የሎቱንም ቁጥር C ውስጥ አስገቡ፤ አለበለዚያ ሎት 1 እና ሎት 2 አንድ ናቸው ተብለው አንዱ ይደበቅባችኋል።

ይህ ፎርሙላ ጉግል ሺትስ ላይ በነጻ ይሠራል። በማይክሮሶፍት 365 እና በኤክሴል 2024ም ይሠራል። በ2016፣ በ2019 እና በ2021 ግን LAMBDA ስለሌለ #NAME? ይላል። በየቢሮው ተጭኖ የማየው አብዛኛው ኤክሴል ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት የስሪቱን ቁጥር ጠይቁ። ሊብሬኦፊስ በ24.8 ስሪቱ UNIQUE እና FILTERን አምጥቷል፤ REDUCE ግን አላመጣም። በእነዚህ ላይ ያለው አማራጭ SUBSTITUTEን አንዱን በሌላው ውስጥ እየደራረቡ መጻፍ ነው። ኤክሴል እስከ 64 ድርብርብ ይፈቅዳል፤ ሁሉንም 37 መጻፍ ግን አድካሚ ነው፣ አንድ ቅንፍ ሲጎድል ስህተቱን ፈልጎ ማግኘትም ይከብዳል። በመሥሪያ ቤት ስም ላይ ዘወትር የሚለዋወጡትን ሕ፣ ኃ፣ ሥ፣ ሠ፣ ዓ፣ ፅ፣ ፀ እና ሦስቱን ምህጻረ ቃላት ብቻ ብትይዙ አብዛኛው ይጠራል።

«አዲስ» የሚለው ምልክት በአራቱም ላይ ያለ ልዩነት ይሠራል። ፎርሙላ ትናንትን አያስታውስም፤ ስለዚህ ያየናቸውን ቁልፎች «የታየ» በሚባል ሺት ላይ፣ A ቁልፉን B መዝጊያ ቀኑን አድርገን፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ማስቀመጥ አለብን። ከዚያ F2 ላይ፦

```
=IF(COUNTIF(E$2:E2,E2)>1,"ድግግሞሽ",
 IFNA(IF(INDEX('የታየ'!B:B,MATCH(E2,'የታየ'!A:A,0))=D2,
 "የታየ","ቀኑ ተቀይሯል"),"አዲስ"))
```

መዝጊያ ቀኑን ቁልፉ ውስጥ ያልከተትኩት ሆን ብዬ ነው። ከላይ ያለው ጨረታ በ30/02/2018 ይዘጋል ተብሎ ወጣ፤ ከቀናት በኋላ ወደ 12/03/2018 ተራዘመ እንበል። ቁልፉ ያው ስለሆነ ፎርሙላው «ቀኑ ተቀይሯል» ይላል፤ ሰነዱን የገዛ ሰው ማወቅ ያለበትም ይህንኑ ነው። ማራዘሚያውን ካያችሁ በኋላ «የታየ» ላይ ያለውን ቀን እዚያው አርሙት። ሌላ ረድፍ ብትጨምሩ MATCH የመጀመሪያውን ብቻ ስለሚያነብ ምልክቱ በየቀኑ ይመለሳል። ማስታወቂያ የምታስገቡበትን ዋናውን ሺትም በየዕለቱ ባዶ አድርጉ፤ ዋናው ማስታወቂያና ማራዘሚያው አብረው ከተቀመጡ ማራዘሚያው «ድግግሞሽ» ተብሎ ይታለፋል።

ብዙ ሰው የሚቸገርበት ሌላው ነገር ቀን ነው፤ የትኛውም ፕሮግራም የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። ኤክሴል ላይ 5/2018 ብላችሁ ስትጽፉ May-18 ይሆናል፤ የጨረታ ቁጥሩ ጠፋ ማለት ነው። 30/02/2018 በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፣ 10/02/2018 ግን ቀን ይሆናል። ኮምፒውተሩ ወርን በሚያስቀድመው የአሜሪካ አጻጻፍ ከተዘጋጀ ደግሞ ጳጉሜን 5ን 05/13/2018 ብላችሁ ስትጽፉ ሜይ 13 ያደርገዋል። መድኃኒቱ ምንም ነገር ከመለጠፋችሁ በፊት C እና D ዓምዶችን፣ «የታየ» ላይ ደግሞ B ዓምድን ወደ ጽሑፍ መቀየር ነው፤ ኤክሴል ላይ Text፣ ጉግል ሺትስ ላይ Plain text ይባላል። አሳልፋችሁ ከሆነ ምልክቱ ቀላል ነው፦ ጽሑፍ በግራ፣ ቀን የሆነው በቀኝ ተጠግቶ ይታያል። ቁጥሩንም 05 ወይም 5 ብላችሁ በአንድ መንገድ ብቻ ጻፉ።

ወደ ግዢው ስንመጣ፣ ከሁለት ሰው በላይ የሚሰበስብበት ቢሮ ጉግል ሺትስን ይያዝ። አንዱ በስልኩ ከቴሌግራም፣ ሌላው ከጋዜጣ እየለቀመ በአንድ ፋይል ላይ መጻፍ ይችላሉ። የየራሳቸውን ፋይል በIMPORTRANGE ማገናኘትም ይቻላል፤ ነገር ግን ከመጣው ረድፍ አጠገብ በእጅ ማስታወሻ አትጻፉ። ከላይ አንድ ረድፍ ሲጨመር የመጣው ሁሉ ወደ ታች ሲወርድ ማስታወሻው ባለበት ይቀራል፤ «ሲፒኦ ተሠርቷል» የሚለው የሌላ ጨረታ ይሆናል። ድክመቱ ኢንተርኔት ነው፤ ያለ ኔት መሥራት የሚቻለው አስቀድሞ ከተዘጋጀ ብቻ ነው፣ IMPORTRANGE ደግሞ ያለ ኔት አይታደስም።

ኔት ለሚቆራረጥበት፣ ሥራው በአንድ ኮምፒውተር ላይ ለሆነ ቢሮ ኤክሴል 2024ን እመርጣለሁ፤ አንዴ ይከፈላል፣ ያበቃል። ለዚህ ሥራ ብቻ ተብሎ ማይክሮሶፍት 365 መግባት ትርፍ ወጪ ነው፤ ክፍያው የሚደጋገም ስለሆነ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ሁልጊዜ ማዘጋጀት ይጠይቃል። ኤክሴል 2016ን ወይም 2019ን አሁን አትግዙ፤ የማይክሮሶፍት ድጋፋቸው በኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ቀድሞ ካላችሁ ግን ሁለተኛው ፎርሙላ እንዳለ ይሠራል፤ የሚቀረው ቁልፉን በድርብርብ SUBSTITUTE መጻፍ ብቻ ነው። ሊብሬኦፊስም በዚያው መንገድ ያለ ምንም ክፍያ ይሠራል፤ በራሱ ፎርማት ስትጽፉ ግን የሺቱ ስም ቀጥሎ ! ሳይሆን ነጥብ ይገባል።

ዝርዝሩ ሲረዝም አራቱም ይዘገያሉ። COUNTIF እያንዳንዱን ረድፍ ከላይ ካሉት ሁሉ ጋር ስለሚያነጻጽር 5,000 ረድፍ ወደ 12.5 ሚሊዮን ንጽጽር ያስከትላል። ማስገቢያው በየዕለቱ ባዶ ከሆነ ግን ረድፉ ከጥቂት መቶዎች ስለማይበልጥ መዘግየቱ አይሰማችሁም።