በጨዋታ መጠየቅ ወይስ በነጥብ ወረቀት?

ገላን ላለ መጋዘን ስቶር ኪፐር ልንቀጥር ነው እንበል። አመልካቾቹን እንዴት እንጠይቅ?

በጨዋታ፦ ዝግጅት አይፈልግም፤ ሻይ ይዞ ማውራት ነው። ግን አንዱን ስለ ቆጠራ፣ ሌላውን ስለ አገሩ ጠይቀን ምኑን ከምኑ እናወዳድራለን? አፈ ጮሌው ያልፋል። እኔም ተሸውጄበታለሁ።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ ከነነጥብ መስጫው፦ ዝግጅቱ ጊዜ ይበላል። ለምሳሌ «ቆጠራው ላይ 12 ካርቶን ቢጎድል ምን ታደርጋለህ?» «ለአለቃዬ እነግራለሁ» ብቻ ካለ 1። እንደገና ቆጥሮ የዕቃው ገቢና ወጪ ከሚጻፍበት ቢን ካርድ ጋር ካመሳከረ 3። የወጪ ሰነዶቹንም አገላብጦ ጉድለቱን በጽሑፍ ካሳወቀ 5። ጠያቂዎቹ ሳይነጋገሩ ነጥብ ይሰጣሉ። ለአንዱ መልስ አንዱ 1፣ ሌላው 5 ከሰጠ ችግሩ መለኪያው ላይ ነው፤ ይስተካከል።

ለሁለት ቀን ጭነት አውራጅ ጨዋታው ይበቃል። የመጋዘን ቁልፍ ለሚረከብ፣ አመልካቹም ከበዛ፣ ወረቀቱ።