የቤት ወረቀት፦ ዓመት ይቅደም ወይስ ጉዳይ?

ሁለት ካርቶን ሙሉ የተጠራቀመ ወረቀት ስንለይ ሁለቱንም መንገድ ሞክረናል።

በጉዳይ ስንጀምር ውሃ፣ መብራት፣ ትምህርት ቤት፣ ሕክምና ብለን ከፈልን። እያንዳንዱን ወረቀት ማንበብና የት እንደሚገባ መወሰን ግድ ነበር። ግማሹ ሳያልቅ «ልዩ ልዩ» የተባለው ክምር ከሁሉም በለጠ፤ መንገዱ እንዳልሠራ ያወቅነው በዚህ ነው።

ዓመትን ስናስቀድም ግን የሚታየው ቀኑ ብቻ ነው፤ እጅ ይፈጥናል። ከዚያ የአንዱን ዓመት ክምር ብቻ አንስቶ በጉዳይ መክፈል ቀላል ነው። ጊዜው ያለፈበትም አንድ ላይ ይወጣል።

አስቸጋሪው የዘመን አቆጣጠር ነው። የውሃ ደረሰኙ 2015 ሲል የባንኩ ደብዳቤ ኦክቶበር 2022 ይላል፤ ሁለቱ ግን የአንድ ዓመት ናቸው። ስለዚህ በፈረንጆች ቀን ከተጻፈው ላይ፣ ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ባለው ጊዜ 7፣ ከዚያ በኋላ ባለው 8 እየቀነስን ዓመቱን በእርሳስ ጥግ ላይ ጻፍን።

ዓመትን ማስቀደም የሚጎዳው ሕክምናን ነው። ነሐሴ 2014 የተጀመረው የልጃችን ሕክምና ጥቅምት 2015 ስላለቀ ወረቀቱ ለሁለት ተከፈለ። ሁሉንም በተጀመረበት ዓመት አስቀምጠን፣ በ2015 አቃፊ «2014ን ተመልከት» የሚል ቁራጭ ከተትን።

የቤት ካርታ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት በዓመት አይለዩም፤ በጉዳይ ብቻ፣ ለብቻቸው ይቀመጡ።

እኔ ለቀረው ሁሉ ዓመትን አስቀድማለሁ።