ፊልም አውርዶ ለማየት የትኛው ይሻላል? የኔትፍሊክስ፣ የፕራይም ቪዲዮና የዩቲዩብ ፕሪሚየም ንጽጽር

ዳታ ውድ በሆነበት ወይም መስመሩ በሚቆራረጥበት ሁኔታ የቪዲዮ አገልግሎት ለመግዛት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድረው ወርኃዊ ክፍያውንና የፊልሞቹን ብዛት ነው። ሦስቱም አገልግሎቶች ፊልም አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማየት እንደሚቻል ስለሚናገሩ በዚህ በኩል የሚለያዩ አይመስልም። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚወጣው ግን ፊልሙ ስልኩ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ዳታ የፈሰሰበት ፋይል ያለ ግንኙነት ለስንት ቀን ይከፈታል? ቀኑ ሲያልፍስ ምን ያስፈልገዋል? በእኔ ሚዛን ከወርኃዊ ክፍያው ቀድሞ መታየት ያለበት ይህ ነው።

በእነዚህ መተግበሪያዎች የሚወርደው ነገር ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የተመሰጠረው የቪዲዮ ፋይል ሲሆን ዳታውን የሚበላውም እርሱ ነው። ሁለተኛው ፋይሉን የሚከፍተው ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ በመጠን እጅግ ትንሽ ቢሆንም የአገልግሎት ዘመን ተወስኖለታል፣ የሚሠራውም በወረደበት ስልክ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ፋይሉን ወደ ሌላ ስልክ ቢገለብጡት አይከፈትም፤ ዘመኑ ሲያልፍም ቪዲዮው ከስልኩ ሳይጠፋ ተቆልፎ ይቀራል። ሦስቱ አገልግሎቶች በዋናነት የሚለያዩት ይህን ዘመን በሚቆጥሩበት መንገድ ነው።

የፕራይም ቪዲዮ ደንብ ለመያዝ ቀላል ነው። በአባልነቱ ውስጥ የተካተተ ፊልም ከወረደ በኋላ ብዙውን ጊዜ እስከ 30 ቀን ሳይጀመር ሊቆይ ይችላል፤ ማጫወት ከተጀመረ ግን 48 ሰዓት ብቻ ይቀረዋል። የተከታታይ ፊልም እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ቆጠራ ስላለው፣ አንዱን ክፍል መጀመር የሌሎቹን ዕድሜ አያሳጥርም። ሌላው ገደብ የብዛት ነው፦ እንደየአገሩ በአንድ ጊዜ አውርዶ መያዝ የሚቻለው 15 ወይም 25 ብቻ ሲሆን፣ አንድ ክፍል እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ቁጥሩም የሚያዘው በመለያው ሥር ላሉት ስልኮች ሁሉ በድምሩ ነው።

ኔትፍሊክስ ለሁሉም ፊልም የሚሠራ አንድ ቁጥር የለውም። ዘመኑ ለእያንዳንዱ ፊልም ከባለመብቱ ጋር በተገባው ውል ይወሰናል፤ አንዳንዱ ፊልም መጀመሪያ ከተጫወተበት ሰዓት አንሥቶ በ48 ሰዓት ያልቃል፣ ሌላው ብዙ ይቆያል። መተግበሪያው የቀረውን ጊዜ በወረዱ ፊልሞች ገጽ ላይ የሚያሳየው ከ7 ቀን በታች ሲቀር ነው። በመሆኑም አንድ ፊልም እንዳወረዱ ወዲያውኑ ያንን ገጽ ከፍቶ ማየት ይጠቅማል፤ ከጎኑ የቀረ ጊዜ ገና ከአሁኑ ተጽፎ ከታየ፣ ያ ፊልም አንድ ሳምንት እንደማይዘልቅ ከዋይፋዩ ሳይርቁ አወቁ ማለት ነው። ጊዜው ያለፈበትን ማደስ ይቻላል፤ ዕድሳቱ ግን ግንኙነት ይፈልጋል፣ ፊልሙም በአገልግሎቱ ላይ የቆየ መሆን አለበት። በዓመት ከተወሰነ ጊዜ በላይ የማይታደሱም አሉ።

ዩቲዩብ ፕሪሚየም ከሦስቱ ለቀቅ ያለው ነው። የወረደ ቪዲዮ እስከ 30 ቀን ገደማ ያለ ግንኙነት ይታያል፤ ስልኩ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንዴ ከኢንተርኔት ጋር ከተገናኘ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል፣ ቪዲዮውን መጀመርም ዕድሜውን አያሳጥረውም። በአንዳንድ አገሮች ያለ ክፍያም አንዳንድ ቪዲዮዎችን ማውረድ ይፈቀዳል፤ የእነዚህ ዕድሜ ግን በአብዛኛው 48 ሰዓት ነው። ዩቲዩብ ላይ የሚገኘው የቪዲዮ ዓይነት ከሌሎቹ ሁለቱ የተለየ መሆኑን ገዢው ሳይዘነጋ ነው ይህንን የሚያመዛዝነው፤ አዲስ ፊልምና ተከታታይ የሚፈልግ ሰው በፈቃዱ ርዝመት ብቻ አይረካም።

የ48 ሰዓቱ ደንብ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ያስከትላል። ጥንቁቅ ሰው መንገድ ከመውጣቱ በፊት የወረዱት ፊልሞች መሥራታቸውን ለማረጋገጥ እያንዳንዳቸውን ለጥቂት ሰከንድ ይከፍታል፤ በፕራይም ቪዲዮ ግን ይህ ፍተሻ ራሱ ቆጠራውን ያስጀምራል፣ በኔትፍሊክስም በአንዳንዶቹ ላይ እንዲሁ። የሚሻለው ስልኩን ከኔትወርክ አውጥቶ መጀመሪያ ሊያዩት ያሰቡትን አንዱን ብቻ መክፈትና የቀሩትን የማውረድ ሂደታቸው መጠናቀቁን በምልክታቸው አይቶ መተው ነው።

ወደ ፋይሉ መጠን ስንመጣ የአገልግሎቱ ስም ከሚያመጣው ልዩነት ይልቅ የጥራት ምርጫው የሚያመጣው ይበልጣል። ኔትፍሊክስ በቀጥታ ለሚታይ ቪዲዮ ያወጣው ግምት በዝቅተኛ ጥራት በሰዓት 0.3 ጊጋባይት፣ በመካከለኛ 0.7 ጊጋባይት፣ በከፍተኛ ጥራት ደግሞ እስከ 3 ጊጋባይት ነው። ለወረደ ፋይል መጠኑ ከዚህ ሊለይ ቢችልም፣ በደረጃዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ለመረዳት በቂ ነው። በኔትፍሊክስ ምርጫው `Download Video Quality` በሚለው ሥር `Standard` ወይም `High` ነው። ፕራይም ቪዲዮ ከዚያ በላይ ደረጃዎች ሲኖሩት፣ የዩቲዩብ ዝቅተኛው ደረጃ 144p ነው። በስልክ ስክሪን ላይ ፊት ለሚበዛበት ድራማ ዝቅተኛው ወይም መካከለኛው አያሳፍርም፤ በሰሌዳ ላይ የሚጻፍበት ትምህርት ግን በ144p ፊደሉ አይነበብም፣ እዚያ ላይ ዳታ መቆጠብ ዳታውን መጣል ነው። ርካሽ ስልክ የያዘ ሰው በተጨማሪ ኔትፍሊክስ ውስጥ `Playback Specification` የሚለውን ገጽ ይመልከት፤ እዚያ `Widevine L3` ተብሎ ከተጻፈ ስልኩ ከመደበኛ ጥራት በላይ አያሳይም፣ ከፍተኛውን መምረጥም ትርጉም የለውም።

ይህን ሁሉ በአንድ ምሳሌ እንየው። ዋይፋይ የሚያገኘው በየሁለት ሳምንቱ አንዴ የሆነ ሰው፣ እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ የሆኑ 8 ክፍሎች ያሉት ተከታታይ ለማየት ፈለገ እንበል። በድምሩ 6 ሰዓት ነው። በሰዓት 0.3 ጊጋባይት ሂሳብ 1.8 ጊጋባይት፣ በ0.7 ሂሳብ ደግሞ 4.2 ጊጋባይት ይፈልጋል። የዋይፋዩ ፍጥነት 4 ሜጋቢት በሰከንድ ከሆነ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት፣ ሁለተኛው ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ያስቆየዋል። ከሰንጠረዥ ግምት ይልቅ ግን አንድ ክፍል ብቻ አውርዶ መተግበሪያው የሚያሳየውን መጠን በ8 ማባዛት ወደ እውነቱ ይበልጥ ያቀርበዋል።

ይህ ሰው ተከታታዩን በፕራይም ቪዲዮ ቢያወርደው ስምንቱም ክፍሎች ከ15ቱ ገደብ በታች ናቸው፤ በየማታው አንድ ክፍል እያየ በሁለቱ ሳምንት ውስጥ ያለ ስጋት ይጨርሳል፤ መጠንቀቅ ያለበት የጀመረውን ክፍል በሁለት ቀን ውስጥ መፈጸሙን ብቻ ነው። በኔትፍሊክስ ተመሳሳዩ ተከታታይ ሊዘልቅም፣ በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ሊቆለፍም ይችላል፤ መልሱ ከውሉ ስለሆነ አስቀድሞ የሚታወቀው በከፊል ነው። ቢቆለፍበት ግን 1.8 ጊጋባይቱን እንደገና ለመግዛት መቸኮል የለበትም። ብዙውን ጊዜ ዕድሳቱ የሚያመጣው ፈቃዱን እንጂ ፋይሉን ስላልሆነ በትንሽ የሞባይል ዳታ ሊሠራ ይችላል። ፊልሙን አጥፍቶ እንደ አዲስ ማውረድ፣ ሙሉ ዋጋውን ሁለተኛ ጊዜ መክፈል ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ለሚገናኝ ሰው ኔትፍሊክስ በቂ ነው፤ የግንኙነቱ ርቀት ከሳምንት ሲያልፍ ፕራይም ቪዲዮን አስቀድማለሁ።

የወረደን ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያሳጣ ስሕተትም አለ። በኔትፍሊክስ ከመለያ መውጣት፣ መተግበሪያውን ማራገፍ ወይም ዳታውን ከስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ማጽዳት ፋይሎቹን ያጠፋል። ስልኩ ቦታ ሲያንሰው ማጽዳትን የሚመክሩ መሣሪያዎች ይህን ሲያደርጉ አያስጠነቅቁ ይሆናል። ሦስቱም በአንድሮይድ ላይ በሜሞሪ ካርድ ማስቀመጥን ስለሚፈቅዱ፣ የቦታ ጥያቄ ካለ በዚያ መፍታት ይሻላል።

መስመሩ ሲቋረጥ ማውረዱ ካቆመበት መቀጠል አለበት፤ ይህ በሦስቱም በአብዛኛው ይሠራል። የማይቀጥል ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የስልኩ ባትሪ ቆጣቢ ነው፤ ስክሪኑ ሲጠፋ መተግበሪያውን ያስተኛዋል፤ ሰውየውም ሲመለስ በ30 በመቶ ላይ ቆሞ ያገኘዋል። በዋይፋይ ብቻ እንዲወርድ የሚያደርገው ማስተካከያም፣ በኔትፍሊክስ `Wi-Fi Only` የሚባለው፣ ማውረድ ከመጀመሩ በፊት ይፈተሽ፤ ዋይፋዩ ሲጠፋ ስልኩ በዝምታ ወደ ሞባይል ዳታ ከተሻገረ ጥቅሉ የሚያልቀው ማንም ሳያይ ነው። በኔትፍሊክስ `Smart Downloads` የሚባለው አማራጭ የታየውን ክፍል አጥፍቶ ቀጣዩን በራሱ ያወርዳል፤ ቤቱ ውስጥ ዋይፋይ ላለው ምቹ ቢሆንም፣ አንድን ክፍል ሁለቴ ለሚያይ ወይም ለልጆቹ ለሚያስቀር ሰው ቢጠፋ ይሻላል።

ርካሹን ጥቅል ለመግዛት ያሰበ ሰው ደግሞ ከመክፈሉ በፊት የማውረድ ገደቡን ይይ። ማስታወቂያ ያለበት የኔትፍሊክስ ጥቅል በአንድ ስልክ በወር 15 ብቻ ያስወርዳል፤ በምሳሌው ላይ ያለው ሰው ሁለት ተከታታይ ሳያወርድ ወሩ ይዘጋበታል ማለት ነው። ዲዝኒ ፕላስ በማስታወቂያው ጥቅል ማውረድን ጨርሶ አይሰጥም።

ከ30 ቀን በላይ ያለ ግንኙነት ለሚቆይ ሰው ከእነዚህ አንዱንም አልመክርም። ለእርሱ የሚሆነው ቁልፍ የሌለበት ፋይል ነው፤ ባለመብቱ ራሱ ያለ ቁልፍ የሚሸጠው፣ ወይም የባለቤትነት ዘመኑ ያለፈና ኢንተርኔት አርካይቭን በመሳሰሉ ቦታዎች በነጻ የሚገኝ ፊልም። ምርጫው ጠባብ ነው፣ አዲስ ፊልም አይገኝበትም፤ ፋይሉ ግን አይቆለፍም፣ ከስልክ ወደ ስልክም ይገለበጣል። በአሳሽ የሚወርድ ትልቅ ፋይል መስመሩ ሲቋረጥ አንዳንዴ ከዜሮ ስለሚጀምር፣ ካቆመበት የሚቀጥል ማውረጃ ያስፈልጋል። በኮምፒውተር ላይ `wget -c` ብሎ ቀጥሎ የፋይሉን አድራሻ መጻፍ ይህን ያደርጋል፤ በተቋረጠ ቁጥር ያንኑ ትእዛዝ በዚያው ፎልደር ውስጥ መድገም ነው፣ አገልጋዩ መቀጠልን ከፈቀደ የወረደው አይደገምም።