ባለ 8 ታፕ፣ ፑንታና ዘይት በአንድ ፌስታል፦ የድሬ ልጆች፣ አትግዙት

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ጥቅል እየተሸጠ ነው። ብረት ቀዳዳ ውስጥ የቡሎን ጥርስ የሚያወጣው ባለ 8 ታፕ አንድ ፍሬ፣ ቀዳዳውን የሚበሳው ፑንታ አንድ ፍሬ፣ በሃይላንድ የተሞላ ዘይት። ሻጩ ሦስቱን በአንድ ፌስታል አድርጎ "ከዚህ ሌላ ምንም አያስፈልግህም" ይላል። ዋጋው የሙሉ ታፕ ስብስብን ግማሽ እንኳን አይሞላም። ለዚህም ነው ሰው የሚገዛው። የሱቁን ስም አልጽፍም። ግን ጥቅሉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር ችግር አለበት፤ አንድ በአንድ ላሳያችሁ።

ባለፈው ሳቢያን ወፍጮ ቤት ያላቸው ጎረቤቴ ልጃቸውን ላኩብኝ። ልጁ 12 ሚሊ ውፍረት ያለው የብረት ሳህን ይዞ መጣ። የወፍጮው ሞተር የሚቀመጥበት ነው። አራት ቀዳዳ ያስፈልገዋል፣ አራቱም ባለ 8 ቡሎን የሚገባባቸው። ሁለቱ ተጀምረዋል። በአንደኛው ቡሎን ግማሽ ገብቶ ተቀርቅሯል። በሁለተኛው ደግሞ ከዚሁ ጥቅል የመጣው ታፕ ከሳህኑ ፊት እኩል ተሰብሮ ቀርቷል።

"ጋሼ፣ ታፑ ፎርጅድ ነው መሰለኝ" አለኝ።

ታፑን አየሁት። ብረቱ መጥፎ አልነበረም፤ ሞረድ ጥርሱ ላይ ሲሄድ ያንሸራትታል እንጂ አይበላውም። ጉዳዩ ሌላ ነው። እጀታው ላይ፣ ካሬው ጫፍ አጠገብ፣ አንድ ቀለበት ተቀርጿል። እዚች ቀለበት ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው።

በእጅ የሚሠራ ታፕ ብዙ ጊዜ ሦስት ሆኖ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያው አንድ ቀለበት፣ ሁለተኛው ሁለት ቀለበት አለው። ሦስተኛው፣ የመጨረሻው፣ ምንም የለውም። ሦስቱ ሥራውን ይከፋፈሉታል። አንደኛው ብረቱን ይጀምራል፣ ሁለተኛው ያሰፋል፣ ሦስተኛው ልኩን ይሰጣል። በዚህ ዓይነት ስብስብ ውስጥ አንደኛው ውፍረቱ ራሱ ከ8 ሚሊ በታች ነው። በሱ ብቻ የተሠራ ቀዳዳ ጥርሱ ጎዶሎ ስለሆነ ቡሎን አይቀበልም። ሻጩ ያደረገው ይሄን ነው፦ ስብስቡን በትኖ በፍሬ ሸጠ። ቀለበት የሌለው የደረሰው ሰው ብረቱን ከዜሮ በሱ ሲጀምር ይታገላል። ባለ አንድ ቀለበቱ የደረሰው ደግሞ ሥራው አልቆለት ቡሎኑ አልገባ ይለዋል። የልጁ የመጀመሪያ ቀዳዳ ላይ የሆነው ይሄ ነው። ቡሎኑ አልገባ ሲለው በቁልፍ አስገድዶ አዞረው፤ የቡሎኑም የቀዳዳውም ጥርስ ተበላ።

በአንድ ዙር የሚጨርስ ታፕም አለ። ሦስት ሆነው ውፍረታቸው እኩል የሆነ፣ የአፋቸው ሹልነት ብቻ የሚለያይም አለ። ስለዚህ በፍሬ የሚሸጥ ታፕ ሁሉ ማጭበርበር ነው አልልም። ግን ከመክፈላችሁ በፊት ቀለበቱን እዩ፣ በካሊፐር የጥርሱን የውጭ ውፍረት ለኩ። የምትጠቀሙበትን ቡሎን ከቤት ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አስተኝታችሁ ጥርስ ለጥርስ አግጥሙት። ብርሃን ላይ ስታዩት መሀላቸው ክፍተት ከታየ የጥርሱ ርቀት አይገጥምም ማለት ነው። የተለመደው ባለ 8 ቡሎን የጥርሱ ርቀት 1.25 ሚሊ ነው፤ ባለ 1 ሚሊም አለ፣ እሱ ከዚህኛው ጋር አይጋባም።

አሁን ወደ ፑንታው። ሻጩ የሰጠው 6.5 ነው። "የሱ ፑንታ ይሄ ነው" ብሎታል። አይደለም። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ከቡሎኑ ውፍረት የጥርሱን ርቀት ቀንሱ። 8 − 1.25 = 6.75፤ በተግባር የሚገዛው ፑንታ 6.8 ነው። 0.3 ሚሊ ምን ያመጣል የሚል ሰው አይጠፋም። ብዙ ነው የሚያመጣው። በ6.8 ሲበሳ ጥርሱ ከሙሉ ቁመቱ ሦስት አራተኛ ገደማ ይወጣል፤ ለቡሎን ይሄ በቂ ጉልበት አለው። በ6.5 ሲበሳ ግን ከ90 በመቶ በላይ ይሆናል። የሚቆረጠው ብረት ይበዛል፣ ፍቅፋቂው መውጫ ያጣል፣ ታፑ በሥሩ በኩልም ግድግዳውን መታከክ ይጀምራል። ጥንካሬው ግን ያን ያህል አይጨምርም። ትርፉ ታፕ መስበር ነው።

በሌላ በኩል "ይቅለልህ" ብሎ 7 ወይም 7.2 የሚሰጥም አለ። በሱ ታፑ እንደ ቅቤ ይገባል፤ ሰውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ጥርሱ ግን ቀጭን ስለሚሆን ቡሎኑ ጠበቅ ሲደረግ ተልጦ ይወጣል። ቀን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ የወፍጮ ሞተር በእንዲህ ያለ ጥርስ አይታሰርም። 6.8 ፑንታ እያንዳንዱ ሱቅ ላይኖረው ይችላል። ጠይቁ፤ ከሌለ ሌላ ሱቅ ሂዱ እንጂ በ6.5 አትስማሙ።

ሃይላንዱን ከፍቼ አሸተትኩት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው፣ ጥቁር። ጣቶቼ መሀል ሳሸው ደቃቅ ብናኝ ይሰማኛል። የሞተር ዘይት ጭራሽ ከምንም ይሻላል፤ አዲስ ከሆነ በችግር ጊዜ እኔም እጠቀምበታለሁ። የተቃጠለው ግን የሌላ ሞተር ብናኝ ይዞ ነው የሚገባው። ለተራ ብረት የሚሻለው ለመቁረጫ ተብሎ የተሠራው ዘይት ነው፤ በጫና ውስጥ እንኳን ከጥርሱ ላይ አይሸሽም። በድሬ ሙቀት ቀጭን ዘይት ቶሎ ስለሚፈስ ደጋግሞ መጨመር ነው። ለአሉሚኒየም ነጭ ጋዝ ይበቃል። ጊዛ የሚባለው ፍርፍር ብረት ግን ያለ ዘይት ይሠራል፤ ፍቅፋቂው ዱቄት ስለሆነ ዘይት ሲነካው ጭቃ ሆኖ ይዘጋዋል።

እኔን በጣም ያናደደኝ ግን ምክሩ ነው። ሻጩ ለልጁ "ዝም ብለህ ወደፊት አዙር፤ ወደኋላ ከመለስክ ጥርሱ ይበላሻል" ብሎታል። አቦ፣ ይሄ ታፕ ሰባሪ ምክር ነው። የእጅ ታፕ ሲቆርጥ ፍቅፋቂው ጎኑ ላይ ባሉት ቦዮች ውስጥ ይጠራቀማል። ወደኋላ ሲመለስ ረጅሙ ፍቅፋቂ ይቆረጥና ይለቃል። ካልተመለሰ እየተጠቀለለ ቦዩን ይሞላዋል፣ ታፑም ይታነቃል። ልጁ ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ሳያቋርጥ አዞረ። ሲከብደው የታፕ መያዣውን አንድ ክንድ ብቻ ይዞ ገፋው። ታፕ ደግሞ መጠማዘዙን እንጂ ወደ ጎን መገፋቱን አይችልም። በዚያው ቀጭ አለ።

የቀሩትን ሁለት ቀዳዳዎች ራሱ እንዲሠራቸው አደረግኩ፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ። ነጥቡን በመምቻ መታ፣ ሳህኑን ሞርሳ ላይ አሰረ፣ በ6.8 ቀጥ አድርጎ በሳ። ከዚያ በወፍራም ፑንታ የቀዳዳውን አፍ ከ8 ሚሊ ትንሽ ሰፋ እስኪል ላሰው። ታፑ የሚገባበትን የሚያገኘው በዚህ አፍ ነው። የመጨረሻው ጥርስም ወደ ላይ አይገነፍልም።

ከራሴ ስብስብ ባለ አንድ ቀለበቱን ሰጠሁት። ዘይት አደረገ፣ መያዣውን በሁለት እጁ እኩል ጫን እያለ ሁለት ዙር ያህል አዞረ። እዚህ ጋ አስቆምኩት። ስኳድራ አምጥቶ ታፑን ከፊት አየው፣ ከዚያ ከጎን። ወደ አንዱ ጎን ዘንበል ብሎ ነበር፤ ገና ስለሆነ ቀና ማድረግ ይቻላል። አራት አምስት ዙር ከሄደ በኋላ ግን አይቃናም፤ ለማቃናት መሞከር ራሱ ይሰብረዋል።

ከዚያ በኋላ ጫና አያስፈልግም፣ ታፑ ራሱን እየሳበ ይሄዳል። ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ። ወደኋላ ሲመለስ መጀመሪያ ትንሽ ይይዛል፤ ከዚያ ፍቅፋቂው ሲቆረጥ እጅ ላይ ጠቅ የሚል ነገር ይሰማል። ያንን እስኪሰማ መመለስ ነው፤ ሩብ ካልበቃ ግማሽ። መያዣው እንደ ሞላ ተወጥሮ መልሶ ሲገፋችሁ ደግሞ ወዲያው አቁሙ። ብረቱ መቆረጥ ትቶ ታፑ መጠምዘዝ ጀምሯል ማለት ነው። ወደኋላ አውጡት፣ ቦዩን በብሩሽ ጥረጉ፣ ዘይት ጨምሩና እንደገና ግቡ። የልጁ ቀዳዳ ወዲያ ማዶ የሚወጣ ስለሆነ ፍቅፋቂው ከታች ይረግፋል። ታችኛው ድፍን ከሆነ ግን ፍቅፋቂው መሄጃ የለውም፤ በየጥቂት ዙሩ ታፑን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ቀዳዳውን ማጽዳት ግድ ነው።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ታፕ በጣት ብቻ ነው የሚጀመረው። የተቆረጠውን ጥርስ ሲያገኝ ዘው ብሎ ይገባል። በመያዣ ከጀመራችሁት በነባሩ ላይ ሌላ ጥርስ አቋርጦ ይቆርጣል። ልጁ ሦስቱንም ጨርሶ ቀዳዳውን ካጸዳ በኋላ ቡሎኑን በጣቱ እስከ ታች አወረደው። መለኪያው ይሄ ነው። ቁልፍ ከፈለገ ሥራው አላለቀም።

ልጁ ወደ ሱቁ ተመልሶ ነበር። "የተሰበረ አይመለስም" ተብሎ ተሸኘ፤ ደረሰኝም አልነበረውም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል። ያለ ደረሰኝ ግን የምትሟገቱበት ወረቀት የላችሁም። ስለዚህ ስትገዙ "ባለ 8፣ ርቀቱ 1.25፣ ሙሉ ሦስት ፍሬ" ተብሎ እንዲጻፍ አድርጉ። ይሄን መጻፍ የማይፈልግ ሻጭ ምን እንደሚሸጥላችሁ ያውቃል።

ይሄን ጥቅል ገዝታችሁ ታፑ ውስጥ ተሰብሮ ከቀረባችሁ፣ በተራ ፑንታ ልብሳው አትበሉ። ታፕ በጥንካሬ ከፑንታው ስለማያንስ ፑንታው ይንሸራተትና ጎኑን ይበላዋል፤ ቀዳዳውም ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ጫፉ ወጣ ያለ ከሆነ በፒንሳ ይዛችሁ ወዲያና ወዲህ እያላችሁ፣ ዘይት እየጨመራችሁ ፍቱት። እኩል ተሰብሮ ከቀረ እንዳለ ወደ ባለሙያ አምጡት። የልጁ ሳህን ላይ የቀረውን ማውጣት ከአዲስ ቀዳዳ ይልቅ ውድ ሆኖ ስላገኘነው ልጁ የሠራቸውን ሁለቱንም ትተን፣ ሳህኑን ገልብጠን አራቱንም ቦታ እንደገና ምልክት አደረግን።