ክሪያቲን ብቻውን፣ ከዌይ ጋር ወይስ ከቤታ አላኒን ጋር?

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ ስር ያለችው ጂማችን ትንሽ ናት። ከክብደቶቹ ግማሾቹ እዚሁ ሰፈር ብየዳ ቤት የተሠሩ ናቸው። የሰፕሊመንት ወሬ ግን ከየትም አይተናነስም። በየሳምንቱ አንድ ልጅ ስልኩን ይዞ ይመጣና «ይሄን ከዚህ ጋር ልውሰደው?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ለብቻ ከማስረዳ ልጻፈው አልኩ። በዚያ ላይ በቅርቡ እኔም ተታልዬ ገንዘቤን አቃጥያለሁ፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

አቋሜን አልደብቅም። እኔ የማዳላው ለተራው ክሪያቲን ሞኖሃይድሬት ነው። መጀመሪያ እሱ ይገዛል። ሌላው ሁሉ የሚመዘነው «በእሱ ላይ ምን ይጨምራል? ለዚያስ ስንት ይከፈላል?» ተብሎ ነው።

ዋጋውን እንየው። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ጨምሯል። እኔ በቅርቡ ስጠይቅ 300 ግራም ክሪያቲን 4,800 ብር ተባልኩ። 300 ግራም ቤታ አላኒን 5,400 ብር። የፕሮቲን ዱቄቱ፣ 2.27 ኪሎ ዌይ ደግሞ 14,800 ብር። የጣሳውን ዋጋ አይታችሁ ግን አትወስኑ። የቀኑን አስሉት። ክሪያቲን በቀን 5 ግራም ከወሰዳችሁ 60 ቀን ይቆያል፤ በቀን 80 ብር ማለት ነው። 3 ግራምም ለብዙ ሰው ይበቃል። ያኔ 100 ቀን ይሄዳል፣ ወጪው ወደ 48 ብር ይወርዳል። በቀን 20 ግራም ለአንድ ሳምንት ውሰዱ የሚሏችሁ ጡንቻው ቶሎ እንዲሞላ ነው። በ3 ወይም 5 ግራምም ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ እዚያው ይደረሳል። ቸኩላችሁ የጣሳውን ግማሽ ያህል በሳምንት አትጨርሱት።

አሁን ወደ ተታለልኩበት ልምጣ። አንድ ሻጭ 300 ግራሙን በ3,000 ብር እስከ ቤት አመጣልሃለሁ አለኝ። ጣሳው ያምራል፣ ስቲከሩም አለ። ክዳኑ ስር ያለው ፎይል ግን ዳር ዳሩ የተሸበሸበ ነበር። ያኔ ልብ አላልኩትም። ውሃ ውስጥ ስጨምረው ወዲያው ሟሟ። ስቀምሰው ይጣፍጣል። ማንቃት የነበረብኝ ይሄ ነው። ምንም ያልተጨመረበት ክሪያቲን አይጣፍጥም፣ በቀዝቃዛ ውሃም በቀላሉ አይሟሟም። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር ውሃ የሚያሟሟው 14 ግራም አካባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ ሩብ ሊትር በሚይዝ ብርጭቆ 5 ግራም ብትጨምሩ 3.5 ግራሙ ይሟሟና የቀረው ታች ይዘቅጣል። የጠዋት የቧንቧ ውሃችን ደግሞ ከዚያም ስለሚቀዘቅዝ ዝቃጩ ይበዛል። የእኔው ብርጭቆ ታች ምንም አልነበረም። የጠጣሁት የስኳር ዘር ነበር።

ዝቃጭ ስላያችሁ ብቻ ግን እውነተኛ ነው አትበሉ። ኖራም ጠመኔም ይዘቅጣል። ሁለተኛው ፈተና የፈላ ውሃ ነው። ያንኑ 5 ግራም በአንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ በጥብጡት። ክሪያቲን ጥርት ብሎ ይሟሟል። ዱቄት ወይም ስታርች ከተቀላቀለበት ይደፈርሳል፣ እንደ አጥሚትም ይወፍራል። ጠመኔ ከሆነ እዚያው ታች ይቀራል። ሁለቱን ፈተና አለፈ ማለት መቶ በመቶ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ጎልቶ የሚታየውን ማጭበርበር ግን ያጋልጣል። እኔ አሁን ጓደኛዬ የከፈተውን ጣሳ ሳልሞክር ከዚያ ሻጭ አልገዛም።

ብዙ ሰፕሊመንት በአንድ ጣሳ የተደባለቀበት ቅልቅል ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግን ልጆቹን በብዛት የሚበላቸው እሱ ስለሆነ አንድ ነገር ላሳያችሁ። አንድ የጂማችን ልጅ 30 ጊዜ የሚወሰድ ቅልቅል በ7,200 ብር ገዛ። በአንድ ጊዜ 240 ብር መሆኑ ነው። ጣሳው ላይ ክሪያቲንም ቤታ አላኒንም ተጽፏል። የእያንዳንዳቸው ግራም ግን የለም፤ የድምሩ ብቻ፣ 6 ግራም። የቅልቅል ዝርዝር ደግሞ ከብዙ ወደ ጥቂት ነው የሚጻፈው። ክሪያቲን 3ኛ ላይ ከተጻፈ ከፊቱ ያሉት ሁለቱ ከእሱ አያንሱም። እንግዲህ 6ን ለ3 ስታካፍሉት ክሪያቲኑ ቢበዛ 2 ግራም ነው። 4ኛው ቤታ አላኒን ቢበዛ 1.5 ግራም ነው። የሚያስፈልገው በቀን ከ3.2 እስከ 6.4 ግራም ነበር። ልጁ ግን «ሰውነቴን ይነዝረኛል፣ ይሠራል» ይላል። መነዘሩ ቤታ አላኒን በአንዴ ሲወሰድ ቆዳ ላይ የሚያመጣው ስሜት ነው። ጉዳት የለውም። ጡንቻ ውስጥ ለመሥራቱ ግን ምልክት አይደለም።

ቤታ አላኒን ለብቻው ሲገዛስ? እዚህ ላይ መልሴ እንደ ሰዉ ይለያያል። ጡንቻ ውስጥ ካርኖሲን የሚባለውን ነገር ያበዛል። ካርኖሲን በከባድ ሥራ ጊዜ የሚጠራቀመውን አሲድ ያለዝባል። ይህ የሚጠቅመው ከ1 እስከ 4 ደቂቃ በሙሉ አቅም ለሚቆይ ሥራ ነው። ክሪያቲን ደግሞ የሚያግዘው በሰከንዶች ለሚያልቀው ጉልበት ነው። ስለዚህ የሁለቱ ሥራ አይደራረብም፤ አንድ ላይ መውሰዱ በራሱ ስህተት የለበትም። ጥያቄው የእናንተ ሥራ የቱ ነው የሚለው ነው። ቤንች 8 ጊዜ ገፍቶ 3 ደቂቃ የሚያርፍ ሰው በቤታ አላኒን የሚያገኘው በጣም ትንሽ ነው። ሰንዳፋ የሚለማመድ የ800 ሜትር ሯጭ ጓደኛ አለኝ። ለእሱ ግን ቤታ አላኒን ብቻውን ግዛ ብዬዋለሁ። እሱን በክሪያቲን በኩል የሚያሳስበው ክብደት ነው። ክሪያቲን ጡንቻ ውስጥ ውሃ ስለሚይዝ አንድ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል፤ ያንን ተሸክሞ መሮጥ አለ። ቤታ አላኒን የምትወስዱ ከሆነ በትንሽ በትንሹ፣ ከ1 ግራም ሳይበልጥ፣ በቀን 4 ጊዜ አድርጉት፤ መነዘሩ ይቀንሳል። ቢያንስ 4 ሳምንት ሳትወስዱም አትፍረዱበት።

ዌይ ሌላ ነገር ነው። ዌይ ምግብ ነው። ክሪያቲንን «አያጠነክረውም»፤ የጎደለ ፕሮቲን ካለ ይሞላል፣ ካልጎደለ ትርፍ ነው። ዋጋውን ከእንቁላል ጋር አስተያዩት። ያ 14,800 ብር ጣሳ እያንዳንዱ 24 ግራም ፕሮቲን ያለው 74 መጠጫ ይወጣዋል። በአንድ መጠጫ 200 ብር ነው። 4 እንቁላልም ወደ 24 ግራም ፕሮቲን አለው። እኛ ሰፈር እንቁላል 20 ብር ሲሆን 80 ብር ይሆናል። ዌይ የሚሸጠው ምቾት ነው። ማብሰያ ጊዜ ለሌለው ሰው ምቾቱ ሊያዋጣ ይችላል፤ ብር ለሚቆጥር ግን አያዋጣም።

ከገዛችሁ ደግሞ «ክሪያቲን ተጨምሮበታል» የሚለውን ዌይ እለፉት። የፕሮቲን መጠን በተለምዶ የሚለካው በናይትሮጅን ነው። ግላይሲን፣ ቶሪን፣ ክሪያቲንም ናይትሮጅን አላቸው። ከዌይ ይረክሳሉ። ስለዚህ አንዳንድ አምራች እነሱን ይጨምርና በወረቀት ላይ ፕሮቲኑን ያበዛል። እንደ ስጦታ የታየው ክሪያቲን የፕሮቲኑን ቦታ ወስዶ ሊሆን ይችላል። ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች ሦስቱን ለይቶ የያዘውን ቢሲኤኤም የሚገዛ አለ። ፕሮቲን በበቂ ከበላችሁ ቢሲኤኤው እዚያው ውስጥ ስላለ ብራችሁን ያዙ።

ለጾመኛ ደግሞ ሒሳቡ የባሰውን ይለወጣል። ዌይ ከወተት ስለሚወጣ ረቡዕና ዓርብ፣ የሁዳዴንም 55 ቀን መደርደሪያ ላይ ይውላል። ክሪያቲን ግን የሚሠራው በፋብሪካ ነው፤ ከእንስሳ የሚገባበት ነገር የለም። ዱቄቱን ግዙ፣ የካፕሱሉ ሽፋን ጄላቲን ሊሆን ስለሚችል። ሰውነት ክሪያቲንን ከራሱ ሌላ የሚያገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው። ሥጋ የማይበላ ሰው ጡንቻው ውስጥ ያለው ስለሚያንስ ከዱቄቱ የሚያገኘው ለውጥ ይበልጣል። ሰዓቱም አያስጨንቅም፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሲገድፍ ከምግቡ ጋር ይውሰደው።

ከጥቂት ወራት በፊት 70 ኪሎ የሚመዝን ጎረቤቴ ሦስቱንም ልግዛ ብሎ መጣ። ድምሩ 25,000 ብር። ጾመኛ ነው። ቁጭ ብለን የጾም ቀን ምግቡን ቆጠርን። ለኪሎው 1.6 ግራም ፕሮቲን ብንይዝለት በቀን 112 ግራም ይፈልጋል። ከ100 ግራም ምስር 24፣ ከሽሮው 12፣ ከሁለት እንጀራ 20 አካባቢ፣ ከአንድ እፍኝ ኦቾሎኒ 13። ድምሩ 69 ሆነ፤ ከ40 በላይ ጎደለ። ዌይ ሊሞላው አይችልም፣ ጾም ነው። የጎደለውን በሌላ 80 ግራም ምስርና በ60 ግራም የአኩሪ አተር ቆሎ ዘጋነው። ቤታ አላኒኑን ተወው። ክሪያቲኑን ብቻ፣ ሁለቱን የብርጭቆ ፈተና አድርገን፣ በ4,800 ብር ገዛ።

አንድ ነገር አስጠንቅቄዋለሁ። የኩላሊት ምርመራ ካደረገ ክሪያቲን እንደሚወስድ ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። ኩላሊቱ ጤነኛ ቢሆንም በደም ውስጥ የሚለካው ክሪያቲኒን ከፍ ሊል ይችላል፣ ያለምክንያትም ያስደነግጣል። የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

ጎረቤቴ በአምስተኛው ሳምንት 8 ጊዜ ይገፋው የነበረውን ክብደት 10 ጊዜ ገፋው። ሚዛኑ ላይ 1 ኪሎ ጨምሯል። ክዳኑ ላይ ጣሳውን የከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ጽፎበታል፤ 60 ቀን ሳይሞላ ካለቀ ማንኪያው እንደበዛ ያውቃል።