በአንዴ መግባት ወይስ በደረጃ? ሙሉ ኪሳራና ግማሽ ትርፍ

ወዳጆቼ አክሲዮን በአንድ ትእዛዝ ይገዛ ወይስ በሦስት ይከፋፈል እያሉ ደጋግመው ይጠይቁኛል። እኔ በአንዴ መግባትን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴንም በቁጥር አሳያለሁ።

9,000 ዶላር ያለው ሰው በአንድ ግብይት ከገንዘቡ 1 በመቶ፣ ማለትም 90 ዶላር ብቻ ለኪሳራ ያጋልጣል እንበል። የአክሲዮኑ ዋጋ 100፣ ስቶፕ ሎሱ ማለትም ኪሳራውን ለመግታት የሚሸጥበት ዋጋ 91 ከሆነ በአንድ አክሲዮን የሚያሰጋው 9 ዶላር ነውና በአንዴ የሚገባው ሰው 10 አክሲዮን ይገዛል። በደረጃ የሚገባው በ100፣ በ97 እና በ94 አምስት አምስት ይገዛል፤ አማካይ ዋጋው 97፣ አማካይ ስጋቱ 6 ዶላር ስለሚሆን በዚያው 90 ዶላር 15 አክሲዮን ይይዛል። ሲታይ ይህኛው ርካሽ ይመስላል።

ነገር ግን ዋጋው ዘሎ ካልወረደ በስተቀር 91 ለመድረስ በ97 እና በ94 ማለፉ አይቀርም። ስለዚህ በከሰርን ቁጥር ሦስቱም ትእዛዞች ተሞልተው 90 ዶላሩ ሙሉ በሙሉ ይሄዳል። ዋጋው ከ100 ተነስቶ በቀጥታ 112 ሲደርስ ግን በእጃችን ያለው አምስት አክሲዮን ብቻ ስለሆነ 60 ዶላር እናተርፋለን፤ በአንዴ የገባው 120 ያተርፋል። ወርዶ ሦስቱን ሞልቶ ወደ 112 ከተመለሰ 225 እንደሚያስገኝ አልክድም፤ ሆኖም በከሸፈው ግብይት ላይ ሁልጊዜ ሙሉውን፣ ሳይመለስ በሚወጣው ላይ ሁልጊዜ ትንሹን ይዘን እንገኛለን።

ኮሚሽኑም አለ። ለአንድ ትእዛዝ 1 ዶላር የሚከፈል ከሆነ በአንዴ ገብቶ መውጣት 2 ዶላር፣ በሦስት ገብቶ በሦስት መውጣት 6 ዶላር ይፈጃል። የ4 ዶላሩ ልዩነት ካጋለጥነው 90 ዶላር ከ4 በመቶ በላይ ነው፤ ሦስቱም ትእዛዞች ከተሞሉ ብናተርፍም ብንከስርም ይከፈላል።

ከሁሉ የከፋው በደረጃ መግባት የሚመስለው፣ ያለ ዕቅድ አማካይ ዋጋን ማውረድ ነው። አንድ ጊዜ ሦስቱ ትእዛዞች ከተሞሉ በኋላ ስቶፕ ሎሱን ወደ 85 አውርጄ በ91 አምስት ጨመርኩ። አማካዩ 95.50 መሆኑ አስደስቶኝ ነበር፤ ስጋቴ ግን ከ90 ወደ 210 ዶላር አድጎ ነበርና 85 ሲደርስ ሁሉንም አጣሁት። የመጨረሻው ትእዛዝና ጠቅላላው ኪሳራ ከመጀመሪያው ግዢ በፊት ካልተጻፉ፣ ያ በደረጃ መግባት አይደለም።

የግድ መከፋፈል ካስፈለገ ዋጋው ሲወጣ ይሁን። በ100 አምስት ገዝተን ብንሳሳት የምንከስረው 45 ዶላር ነው፤ በ106 አምስት ጨምረን ስቶፕ ሎሱን ወደ 97 ብናነሳ ደግሞ ከፍተኛው ኪሳራ 60 ይሆናል። በምትኩ አማካዩ ወደ 103 ስለሚወጣ መጠነኛ መውረድ ያስወጣናል።

አወጣጥን መከፋፈል ግን ከአገባቡ ይሻላል። ከአሥሩ አምስቱን በ109፣ የቀረውን በ118 ብንሸጥ በ180 ፈንታ 135 ዶላር እናገኛለን፤ ዋጋው 109 ደርሶ ወደ 91 ቢመለስ ደግሞ 90 በመክሰር ፈንታ ያለ ትርፍና ያለ ኪሳራ እንወጣለን።